«ይስተካከል» የሚለው ቃል

የሰኔ የመጨረሻ ሳምንት በጭሮ ሁለት ነገር አብሮ ይዞ ይመጣል፤ የክረምቱን ዝናብና የበጀት ዓመቱን መዝጊያ። የመንግሥት ሒሳብ ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። ስለዚህ በጭሮም ሆነ በሌሎቹ የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች፣ በሂርናም ይሁን በበዴሳ ወይም በገለምሶ፣ በዓመቱ ውስጥ የተሠራ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ ወይም የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ካለ ርክክቡ ወደ ሰኔ መገፋቱ የተለመደ ነው። ክፍያው ሳይፈጸም ሒሳቡ እንዳይዘጋ ሁሉም ይቸኩላል። ተቋራጩ ገንዘቡን ይፈልጋል፣ ባለቤቱ ቁልፉን ይፈልጋል፣ አማካሪው ፋይሉን መዝጋት ይፈልጋል።

በዚህ ጥድፊያ መሐል የርክክብ ኮሚቴው በሕንፃው ውስጥ ይዞራል። አንዱ ማስታወሻ ደብተር ይይዛል፤ ሌሎቹ እያዩ ይናገራሉ፤ እሱ ይጽፋል። «ክፍል 2፣ ልስን ይስተካከል። ክፍል 3፣ ስንጥቅ ይስተካከል። በር ይስተካከል። ጣሪያው ይታይ።» ወረቀቱ ይፈረማል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ ከቃለ ጉባኤው ጋር ይያያዛል። ወረቀቱ በሕግ ቋንቋ የጉድለት ዝርዝር ይባላል፤ ሳይት ላይ ደግሞ ስናግ ሊስት ወይም ዲፌክት ሊስት ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለሳሹ ስታጃውንና ማንኪያውን ይዞ ክፍል 2 ይገባል። ክፍሉ አራት ግድግዳ አለው፤ አራቱም ተቀብተዋል፤ ከሩቅ ሲታዩ አራቱም ደኅና ናቸው። «ኢንጂነር፣ የቱን ግድግዳ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ኢንጂነሩ ያን ዕለት የዞረው ሰው አይደለም። የዞረውም ቢሆን በዕለቱ ሰባት ክፍል አይቷል፤ አያስታውስም። ለሳሹ ለዓይኑ ሸካራ የመሰለውን ቦታ በስቱኮ ያለሰልሳል፣ ቀለም ይቀባበታል፣ ይሄዳል። ዝርዝሩ ላይ ምልክት ይደረጋል። ጉድለቱ ግን ከበሩ ጀርባ እንዳለ ነው።

ይህ ምዕራፍ ስለዚያ አንድ ቃል ነው። «ይስተካከል» ማለት ጉድለቱን አይናገርም፣ ቦታውን አይናገርም፣ ምን ቢደረግ እንደሚበቃም አይናገርም። ጥሩ የጉድለት ዝርዝር ላይ ግን እያንዳንዱ መስመር እነዚህን ሦስቱን ይመልሳል፤ መልሱም ያን ዕለት እዚያ ያልነበረ ሰው ሊከተለው የሚችል መሆን አለበት።

መጀመሪያ ግን ዝርዝሩ የሚወለድበትን ቀን ማወቅ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ የግንባታ ውል ርክክብ ሁለት ጊዜ ነው፤ ጊዜያዊና የመጨረሻ። ጊዜያዊ ርክክብ ማለት ሕንፃው በመሠረቱ አልቋል፣ ሰው ሊገባበት ይችላል፣ የቀሩት ጥቃቅን ነገሮች ተዘርዝረው በጊዜ ገደብ ይጠናቀቃሉ ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር ውሎች «ተግባራዊ ፍጻሜ» የሚባለው የዚህ አቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጉድለት ኃላፊነት ጊዜው ይቆጠራል፤ አብዛኛውን ጊዜ 365 ቀን ነው። ያ ሲያልቅ የመጨረሻው ርክክብ ይመጣል።

ጊዜያዊ ርክክብ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ገንዘብም ያንቀሳቅሳል። የመዘግየት ካሳ መቆጠሩን ያቆማል። ሕንፃውን የመጠበቅ ኃላፊነት ወደ ባለቤቱ ይዞራል። ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ እየተቀነሰ የተያዘው መያዣ፣ ሳይት ላይ ሪቴንሽን የሚባለው፣ በብዙ ውሎች ግማሹ ይለቀቃል። ውሉ 10 ሚሊዮን ብር፣ መያዣው ደግሞ 5 በመቶ ቢሆን የተያዘው 500 ሺህ ብር ነው። በጊዜያዊው ርክክብ 250 ሺህ ሲለቀቅ ባለቤቱ እጅ የሚቀረው 250 ሺህ ብቻ ይሆናል። ዝርዝሩ ላይ ያለው ሥራ ከዚያ በላይ የሚያስወጣ ከሆነ ተቋራጩ ተመልሶ ከመሥራት ገንዘቡን ቢተወው ይሻለዋል። ከጭሮ አዲስ አበባ 326 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ የአሉሚኒየም ባለሙያ አበል ተከፍሎት፣ ተሳፍሮና አድሮ አንድ መስኮት ለማስተካከል ሲመጣ የጉዞው ወጪ ከሥራው ሊበልጥ ይችላል። የመስኮቱ ልክ በዝርዝሩ ላይ ካልሰፈረ ደግሞ መጀመሪያ ለመለካት፣ ቀጥሎ ለመግጠም ሁለት ጊዜ ይመጣል። ወይም ጨርሶ አይመጣም።

ስለዚህ ቁምነገሩ ዝርዝሩ መርዘሙ ሳይሆን እያንዳንዱ መስመር በሚገባ መጻፉ ነው። አንድ ባለ አራት ክፍል የትምህርት ቤት ሕንፃ በምሳሌነት ይወሰድ፤ ብሎኬት ግድግዳ፣ የአርማታ ኮለንና ቢም፣ የቺፕውድ ኮርኒስና የቆርቆሮ ክዳን ያለው፣ በዞኑ ከተሞች በየቦታው የሚታይ ዓይነት ነው። ከሚገኙበት ጉድለቶች ሦስቱን ብቻ ጠጋ ብሎ ማየት ይበቃል።

የመጀመሪያው ልስን ነው። ዓይን የሚያየው ለስላሳና የተቀባ ግድግዳ ነው፤ ጉድለቱን የሚያገኘው ጆሮ ነው። ልምድ ያለው ተቆጣጣሪ በመዶሻ እጀታ ወይም በሳንቲም ግድግዳውን ቀስ እያለ እየቆረቆረ ይሄዳል። ልስኑ ብሎኬቱን ከያዘ ድምፁ ጥብቅና አጭር ነው። ከለቀቀ እንደ ከበሮ ይጮኻል። መንስኤዎቹ ጥቂት ናቸው። ብሎኬቱ ከመለሰኑ በፊት አቧራው አልተጠረገም፤ ወይም ውሃ አልጠጣም፤ ደረቅ ብሎኬት የልስኑን ውሃ መጥጦ ሲሚንቶው ሳይጠነክር ያስቀረዋል። ወይም አሸዋው አፈር አለበት። ወይም ልስኑ ከተመታ በኋላ ውሃ ሳይጠጣ ፀሐይ አገኘው። ይህ የመጨረሻው ከጭሮ ደጋ ይልቅ ወደ ሚኤሶ ቆላ ሲወረድ የበለጠ ያሰጋል።

ይህ ጉድለት በዝርዝሩ ላይ እንዲህ ቢጻፍ ማንም ያገኘዋል፦

«ተራ ቁጥር 14። ቦታ፦ ክፍል 3፣ ሰሜናዊው ግድግዳ፣ የውስጥ ገጽ፤ ከበሩ ጠርዝ 1.20 ሜትር ወደ ቀኝ፣ ከወለል 0.90 ሜትር ከፍታ ጀምሮ፣ 0.60 በ0.80 ሜትር። ጉድለት፦ ልስኑ ከብሎኬቱ ለቅቋል፤ ሲቆረቆር ባዶ ድምፅ ይሰጣል። መፍትሔ፦ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ሁሉ በአራት ማዕዘን ተቆርጦ እስከ ብሎኬቱ ይነሣ፤ ብሎኬቱ ተጠርጎ ውሃ ይጠጣ፤ በሥራ ዝርዝሩ እንደተጻፈው በሦስት ንጣፍ፣ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ አሸዋ ይለሰን፤ 7 ቀን ውሃ ይጠጣ፤ ከደረቀ በኋላ ግድግዳው ከጥግ እስከ ጥግ ይቀባ። ማረጋገጫ፦ ከመቀባቱ በፊት በተቆጣጣሪው ፊት ይቆርቆር።»

በዚህ መስመር ውስጥ ሁለት ቃላት ብዙ ጠብ ያስቀራሉ። አንዱ «ከጥግ እስከ ጥግ» የሚለው ነው። አዲስ ልስን ቀለም የሚጠጣበት መጠን ከአሮጌው ይለያል፤ የተጠገነው ቦታ ብቻ ሲቀባ በብርሃን ፊት እንደ ጥፍጥፍ ይታያል። ከዚያ በኋላ ተቋራጩ «ቀለም ቀባሁ» ይላል፣ ባለቤቱ «ጠገንክ እንጂ አልቀባህም» ይላል፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። ሌላው «ከመቀባቱ በፊት» ነው። ቀለም ከተቀባ በኋላ ከሥር ሦስት ንጣፍ ይኑር አንድ ማንም አያይም።

ቦታውን በግድግዳው ላይ ማመልከትም የራሱ ጥበብ አለው። ብዙ ሰው በቾክ ወይም በማርከር ክብ ይሠራል። የማርከር ቀለም በአዲስ ቀለም ሥር ዘልቆ ይወጣል፤ በዚህም ዝርዝሩ ራሱ ሌላ ጉድለት ይወልዳል። የቀለም ቀቢዎች የወረቀት ፕላስተር ተለጥፎ ተራ ቁጥሩ ቢጻፍበት በቀላሉ ይነሣል፤ ፎቶውም ከነቁጥሩ ሲነሣ በዝርዝሩና በግድግዳው መካከል ክርክር አይኖርም።

ሁለተኛው ስንጥቅ ነው። «ስንጥቅ ይስተካከል» ከሁሉ የከፋ መስመር ነው፤ ምክንያቱም ስንጥቆች ሁሉ አንድ አይደሉም። በዚያው ክፍል በኮለኑና በብሎኬቱ ግድግዳ መገናኛ ላይ ከወለል እስከ ቢሙ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ቀጭን ስንጥቅ አለ እንበል። ይህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አንድ ልስን ሲለብሱ የሚመጣ ነው። አርማታውና ብሎኬቱ ሲደርቁ የሚሰበሰቡት፣ ሲሞቁም የሚለጠጡት እኩል ስላልሆነ ልስኑ በመገናኛቸው ላይ ይቀደዳል። አደገኛ አይደለም። በስቱኮ ቢሞላ ግን ለጥቂት ወራት ተደብቆ ተመልሶ ይመጣል። ትክክለኛው መፍትሔ በመገናኛው ግራና ቀኝ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ልስኑን አንሥቶ፣ ሁለቱን የሚያያይዝ የሽቦ መረብ በምስማር መትቶ እንደገና መለሰን ነው።

ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ በብሎኬቶቹ መጋጠሚያ እንደ ደረጃ እየተሰበረ ወደ ታች የሚወርድ ስንጥቅ ግን ሌላ ታሪክ ነው። መሠረቱ አንድ ወገን ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ መፍትሔ መጻፍ ስሕተት ነው፤ ገና አይታወቅምና። ዝርዝሩ ላይ የሚጻፈው የስንጥቁ ስፋት በሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ፣ የተለካበት ቀንና «በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ቀን ተጽፎ በየወሩ ይለካ፤ የስትራክቸር መሐንዲስ አይቶ በጽሑፍ አስተያየት ይስጥ» የሚል ነው። በየወሩ ሲለካ ስፋቱ የሚያድግ ከሆነ ነገሩ ከለሳሽ እጅ ወጥቷል። በዳገት ላይ በተሠራች ከተማ፣ ግማሹ በተቆረጠ ግማሹ በተሞላ መሬት ላይ የሚቆም ሕንፃ ባለባት በጭሮ፣ ይህን ስንጥቅ ከመጀመሪያው ለይቶ መጻፍ ግዴታ ነው። የተሞላ አፈር በሚገባ ካልተጠቀጠቀ ከተቆረጠው ወገን በላይ ይቀመጣል።

እንዲህ ያለ ጉድለት ሕንፃውን ከመረከብ ይከለክላል ወይ? የትኛው ጉድለት በዝርዝር ይታለፋል፣ የትኛውስ ርክክቡን ያስቆማል የሚለው በሌላ አገርም ፍርድ ቤት አድርሷል። በእንግሊዝ ፕሊመዝ ከተማ በተሠራ የተማሪዎች መኖሪያ 56 ክፍሎች በሥዕሉ ላይ ካለው ከ3 በመቶ በላይ ጠበው ተገኙ። ተከራዩ ኩባንያ ይህ ካለ ሥራው አልቋል ሊባል አይችልም ብሎ ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ2019 የእንግሊዝ የይግባኝ ፍርድ ቤት የሰጠው መለኪያ ቀላል ነው። የሚታይ ጉድለት ኢምንት ካልሆነ በስተቀር ተግባራዊ ፍጻሜን ያስቆማል፤ ጉድለቱ ሊጠገን የማይችል መሆኑ ብቻውን ግን አያስቆምም። ይህ የእንግሊዝ ፍርድ ኢትዮጵያ ውስጥ አያስገድድም፤ መለኪያው ግን ለየትኛውም ኮሚቴ ይጠቅማል። የክፍል 3 ባዶ ልስን ይዘረዘራል። እንደ ደረጃ የሚወርደው ስንጥቅ ግን መንስኤው ሳይታወቅ ልጆች እንዲገቡበት መፈረም አይገባም፤ ሰኔ 30 ነገ ቢሆንም።

ሦስተኛው ዝናብ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚያታልለው እሱ ነው።

በጥር የተረከቡት ሕንፃ ጣሪያው አያፈስም። ምዕራብ ሐረርጌ የበልግም የክረምትም ዝናብ ያገኛል፤ በጥር ግን ሰማዩ ንጹሕ ነው፣ ኮርኒሱም ነጭ ነው። በሰኔ መጨረሻ የተረከቡት ደግሞ ገና ሁለት ወይም ሦስት ዝናብ ነው ያየው። ስለዚህ ጣሪያ በዓይን አይረከቡትም፤ ውሃ ያፈሱበታል። የቧንቧ ውሃ ባልደረሰበት ሳይት በርሜልና ጀሪካን ይበቃሉ። ማፍሰስ የሚጀመረው ከታችኛው ጠርዝ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ በአንድ ቦታ እየተቆየ ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ ከተጀመረ ውሃው በሁሉም ላይ ስለሚወርድ የትኛው ቀዳዳ እንዳፈሰሰ አይለይም።

ቆርቆሮ የሚያፈስበት የታወቀ ቦታ አለው። የክዳን ምስማር በቆርቆሮው ሞገድ ጉብታ ላይ ነው የሚመታው፤ ውሃ የሚሄደው በሸለቆው ስለሆነ ነው። የቸኮለ ሠራተኛ በሸለቆው ሲመታ ውሃው ልክ በምስማሩ ላይ ይሄዳል። ሌላው የመደራረቡ ማነስ ነው፤ አንዱ ቆርቆሮ በሌላው ላይ ከላይ ወደ ታች ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ካልተደረበ፣ ነፋስ የያዘ ዝናብ ወደ ላይ ይገፋና ይገባል። የመደራረቡ ትክክለኛ ልክ የሚታየው ከሥራው ዝርዝር ነው።

ችግሩ ኮርኒሱ ላይ ያለው ቡናማ ቦታ ቀዳዳውን አለመናገሩ ነው። ውሃው ከምስማሩ ገብቶ በሞራሌው ላይ እየተንሸራተተ ሁለት ሜትር ርቆ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ይህ ጉድለት ሁለት ቦታ ይኖረዋል። «በኮርኒሱ ላይ፣ ከምሥራቁ ግድግዳ 2.10 ሜትር፣ ከሰሜኑ 1.40 ሜትር» ተብሎ የቆሸሸው ይጻፋል። «በክዳኑ ላይ፣ ከሰሜኑ ጠርዝ ሦስተኛው ረድፍ፣ ከምሥራቅ አምስተኛው ቆርቆሮ፣ በሸለቆ የተመታ ምስማር» ተብሎ ቀዳዳው ለብቻው ይጻፋል። ኮርኒሱ ብቻ ከተጻፈ ኮርኒሱ ብቻ ይቀየራል፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ቡናማ ይሆናል። መፍትሔውም በተራ ነው፤ መጀመሪያ ክዳኑ፣ ቀጥሎ የውሃ ፍተሻ፣ በመጨረሻ ኮርኒሱ።

ለቀዳዳው የሚቀናው መድኃኒት ሲሊኮን ነው። ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው፣ ለርክክቡ ቀን ይደርሳል። ቆርቆሮው ግን ቀን ሲግል፣ የጭሮ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል፤ በላዩ የተቀባው ነገር ከዓመት ዓመት ይላቀቃል። በአዲስ ሕንፃ ላይ በሸለቆው የተበሳ ቆርቆሮ መቀየር አለበት፤ ይህም «ይጠገን» በሚል ሳይሆን «ቆርቆሮው በተመሳሳይ ውፍረት ይቀየር፣ የጎማ ማኅተም ባለው ምስማር በጉብታው ላይ ይመታ» በሚል ይጻፋል። ውፍረቱ ካልተጻፈ ገበያ ላይ ያለው ቀጭኑ ይመጣል።

መፍትሔን እስከዚህ ድረስ መዘርዘር ግን ድንበር አለው፤ የሚያውቁት ሰዎች በጥንቃቄ ይይዙታል። ተቋራጩ የተስማማው በሥዕሉና በሥራ ዝርዝሩ ላይ ያለውን ለማድረስ ነው። አማካሪው ዝርዝሩ ላይ ከውሉ በላይ የሆነ መፍትሔ ቢጽፍ፣ ለምሳሌ ውሉ ሊሾ ያለበትን ወለል ሴራሚክ ይሁን ቢል፣ ተቋራጩ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል፤ መብቱም ነው። መንስኤው ሳይጣራ የአሠራር ዘዴ ቢያዝና ዘዴው ባይሠራ ደግሞ ተቋራጩ «አንተ ያዘዝከኝን ሠራሁ» ይላል። ስለዚህ ትክክለኛ መፍትሔ የሚጻፈው በውሉ ውስጥ ያለውን ቃል በመጥራት ነው። የልስኑ ሦስት ንጣፍና የሲሚንቶው ልክ ከራሱ ከውሉ የተወሰዱ ናቸው፤ አማካሪው አልፈጠራቸውም። መንስኤው ባልታወቀበት ቦታ ደግሞ የሚጻፈው ውጤቱና መፈተኛው ነው፤ «ውሃ ለ20 ደቂቃ ፈስሶበት ኮርኒሱ ሥር እርጥበት የማይታይበት» እንደ ማለት ነው።

ሌላው መሰናክል ቋንቋ ነው። የግንባታ ውሎች በብዛት በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ዝርዝሩም በልማድ በእንግሊዝኛ ይተየባል። በጭሮ ሳይት ላይ ግን ለሳሹ፣ አናጢውና ቧንቧ ሠሪው የሚነጋገሩት በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ነው። እንግሊዝኛው ለፋይሉ ይቅር፤ ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ቅጂ ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ፣ እሱ በሚጠራው ስም መሆን አለበት። ፎርማኑ ዞኮሎ የሚለውን ሌላ ስም ቢሰጡት አይሠራውም።

የዝርዝሩ ሕይወት በፊርማ አያልቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 ተቋራጩ ለሥራው ትክክለኛነትና ለሕንፃው ጽናት ከርክክቡ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው ይላል፤ ይህን ጊዜ የሚያሳጥር የውል ቃልም ዋጋ የለውም። በስምንተኛው ዓመት ያ ደረጃ መሰል ስንጥቅ ሰፍቶ ቢገኝ የመጀመሪያው ጥያቄ «መቼ ተጀመረ?» ይሆናል። በርክክቡ ዕለት «1 ሚሊ ሜትር፣ 1.30 ሜትር ርዝመት» ተብሎ ከተጻፈ መልሱ በእጅ ነው። «ስንጥቅ ይስተካከል» ከተባለ ግን ከዚያ ወረቀት ምንም አይገኝም።

የምሳሌው ሕንፃ ዝርዝር በሰኔ ማለቂያ 31 መስመር ነበረው እንበል። በነሐሴ 26ቱ ተዘግተዋል፤ እያንዳንዱ ከጎኑ የተቆጣጣሪው ፊርማና ቀን አለው። ክዳኑ በክረምቱ መሐል ራሱን ፈትኗል። ሦስት የበር ቁልፎች አልተገኙም፤ የተገጠመው ሞዴል ስም ስላልተጻፈ የተላኩት አልገጠሙም። ተራ ቁጥር 14 ሲቆረቆር ጥብቅ ድምፅ ሰጥቷል። ተራ ቁጥር 22፣ የስንጥቁ መለኪያ፣ በእርሳስ ሦስት ቀኖች ተጽፈውበታል፤ ሐምሌ 1 ሚሊ ሜትር፣ ነሐሴ 1 ሚሊ ሜትር፣ መስከረም 1 ሚሊ ሜትር። መስመሩ ገና ክፍት ነው፤ እስከሚቀጥለው ሰኔ ድረስ ይለካል።